ሊሳንስ ላይሰንስ አይደለም

«ከውጭ የመጣ ዲግሪ ኤምባሲና ውጭ ጉዳይ ማኅተም ካደረጉበት አለቀ፤ ሌላው ማጉላላት ነው። የግድ አቻ ግምት ካስፈለገም ወሎ ዩኒቨርሲቲ እዚሁ አጠገባችን አለ፤ ልጆቻችን ለምን አዲስ አበባ ይንከራተታሉ? አቻ ግምት የያዘን ልጅ ደግሞ የትኛውም መሥሪያ ቤት አልቀጥርም የማለት መብት ሊኖረው አይገባም። ዩኒቨርሲቲው በጦርነት የተዘጋበት ልጅም ቃለ መሐላ ቢፈጽም ይበቃል።»

ይህን የጻፈው ወንድማችን የደሴ ልጅ ነው፤ ንዴቱም ከልቡ ነው። ጽሑፉን ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ መጀመሪያ ራሴን እየነቀነቅኩ፣ ቀጥሎ እስክሪብቶ ይዤ። እኔ እዚሁ ደሴ፣ አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የሰው ሀብት ክፍል ውስጥ 11 ዓመት ሠርቻለሁ። የሥራ ማስታወቂያ ለጥፌያለሁ፣ ማስረጃ ተቀብያለሁ፣ ሰውም መልሻለሁ። ከመለስኳቸው ሰዎች አንዱን የመለስኩት በስህተት ነው። የምጽፈውም የእሱን ፋይል እያስታወስኩ ነው።

ልጁ የሐይቅ ልጅ ነው። ሲያድግ ደረሳ ነበር። ከሼህ ሼህ እየዞረ ኪታብ ሲቀራ ነበር። የመንግሥት ትምህርቱን እስከ 8ኛ ክፍል ከተማረ በኋላ ወደ ካይሮ ሄደ። አዝሃር ለወሎ ሰው አዲስ አገር አይደለም። ከአፍሪካ ቀንድ ለሚሄዱ ተማሪዎች እዚያ መስጊድ ውስጥ ከድሮ ጀምሮ «ሪዋቀል ጀበርት» የሚባል የራሳቸው ክፍል ነበራቸው። ልጁ መጀመሪያ የአዝሃርን የሁለተኛ ደረጃ ጨረሰ፤ ሳነዊያ ይሉታል። ከዚያ ሸሪዓና ሕግ ፋኩልቲ ገባና ተመርቆ መጣ።

በ2009 ዓ.ም. እኛ ቢሮ የሕግ ባለሙያ ማስታወቂያ አወጣን። ምዝገባው 5 የሥራ ቀን ነበር። ልጁ በሦስተኛው ቀን መጣ። በፕላስቲክ ፎልደር ውስጥ የዐረብኛውን የምረቃ ወረቀት፣ ሸሃዳውን፣ ከላዩ ደግሞ የእንግሊዝኛ ትርጉሙን አድርጎ አቀረበልኝ። ትርጉሙ ላይ «ላይሰንስ» የሚል ቃል አየሁ። በሸሪዓና ሕግ ላይሰንስ።

«ወንድሜ፣ ይሄ እኮ የሙያ ፈቃድ ነው። ዲግሪህን አምጣው» አልኩት።

«ጋሼ፣ ዲግሪዬ እሱ ነው።»

«ዲግሪ ቢሆን ዲግሪ ይል ነበር።»

ልጁ አልተከራከረኝም። ወረቀቱን አገላብጦ ከጀርባው ያሉትን ማኅተሞች አሳየኝ። የግብፅ ውጭ ጉዳይ አለ፣ ካይሮ ያለው የእኛ ኤምባሲ አለ፣ የአዲስ አበባው ውጭ ጉዳይም አለ። ሁሉም ነበሩ። እኔም ማኅተሞቹን አየሁና መለስኩት።

የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። ግብፅ ውስጥ የሕግ፣ የሸሪዓ፣ የቋንቋና የሥነ ጽሑፍ ፋኩልቲዎች የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን «ሊሳንስ» ይሉታል። ከፈረንሳይኛ የተወረሰ ቃል ነው። የሳይንስ፣ የምህንድስናና የንግድ ፋኩልቲዎች ደግሞ «ባካሎሪዮስ» ይላሉ። ሁለቱም እኛ ዲግሪ የምንለው ናቸው። ተርጓሚው ቃሉን እንዳለ ወደ እንግሊዝኛ ሲያዞረው ፈቃድ ሆኖ ወጣ፤ እኔም ፈቃድ ብዬ አነበብኩት።

እንግዲህ ወንድማችን በማኅተም ላይ ያለው እምነት እዚህ ላይ ነው የሚፈርሰው። ከጀርባው ሦስት ማኅተም ነበረ፤ አንዱም ሊሳንስ ምን ማለት እንደሆነ አልነገረኝም። ሊነግረኝም አይችልም፤ ሥራው አይደለም። የእያንዳንዱ ማኅተም ትርጉም ከእሱ በፊት የፈረመው ሰው ፊርማ እውነተኛ ነው ማለት ብቻ ነው። የግብፅ ውጭ ጉዳይ የዩኒቨርሲቲውን ፊርማ ያውቃል። ኤምባሲያችን የግብፅ ውጭ ጉዳይን ፊርማ ያውቃል። አዲስ አበባ ያለው ቢሮ የኤምባሲውን ያውቃል። ሰንሰለት ነው። ከሰንሰለቱ ውስጥ ልጁ ስንት ዓመት ተማረ፣ ምን ተማረ፣ በምን ገባ ብሎ የጠየቀ ማንም የለም።

ጥያቄው ሁለት ነው፤ ወንድማችን አንድ አድርጎታል። አንደኛው ይህ ወረቀት የተጭበረበረ ነው ወይስ የእውነት የሚለው ነው። ማኅተሞቹ የሚያግዙት እዚህ ላይ ነው፤ ያውም በከፊል። ሁለተኛው ይህ ወረቀት በእኛ አገር ሚዛን ከየትኛው ደረጃ ጋር እኩል ነው የሚለው ነው። አቻ ግምት የሚባለው የሁለተኛው መልስ ነው።

ሁለተኛው ጥያቄ ተራ እንዳይመስላችሁ «ዲፕሎማ» የሚለውን ቃል ብቻ ውሰዱ። እኛ ጋ ዲፕሎማ ከዲግሪ በታች ነው። ሱዳን ውስጥ ከሁለተኛ ደረጃ በኋላ የሚሰጥ ዲፕሎም አለ፤ ከእኛው ጋር ይቀራረባል። እዚያው ሱዳን ግን ከዲግሪ በኋላ የሚሰጥ «ዲፕሎም ዓሊ»ም አለ። ሕንድም ከዲግሪ በኋላ የሚወሰድ ዲፕሎማ አላት። የሁሉም ወረቀት ላይ ዲፕሎማ ነው የሚለው፤ ሁሉም ማኅተም አለው። ከኋለኞቹ አንዱን ይዞ የመጣን ሰው የኛ ሰው ሀብት እንደ 10+3 ቢቆጥረው ጉዳቱ የማን ነው? የተገላቢጦሹም ይሆናል፤ ዝቅ ያለው ከፍ ብሎ ያልፋል። ኤምባሲ ይህን አይለይም።

ገምጋሚው የሚያየው ሌላ ነገር ነው። ተቋሙ በገዛ አገሩ ዕውቅና አለው ወይ? ተማሪው ሲገባ የያዘው ምን ነበር? ትምህርቱ ስንት ዓመት ፈጀ፣ በመደበኛ ነው ወይስ በርቀት? የውጤት ዝርዝሩ ላይ ያሉት ኮርሶች ከዲግሪው ስም ጋር ይሄዳሉ? ፓስፖርት የሚጠየቀውም ለዚህ ነው። ብዙ ሰው «ዲግሪዬን ነው የማስገምተው፣ ፓስፖርቴ ምን አገባው?» ይላል። የመግቢያና የመውጫ ማኅተሙ ሰውየው በተማርኩበት ጊዜ እዚያ ነበርኩ የሚለውን ስለሚያሳይ ነው። አሮጌ ፓስፖርት አድሳችሁ አሮጌውን የጣላችሁ ካላችሁ፣ ለሌላው ንገሩ፤ አይጣልም።

አሁን ወደ ወሎ ዩኒቨርሲቲ እንሂድ።

ዩኒቨርሲቲውን እወደዋለሁ። ልጄ እዚያ ነው የተማረችው። ግን አቻ ግምት መስጠት ሥልጣኑ አይደለም፤ እንዲሆንም አልመኝም። ከአገር ውጭ የተገኘ የከፍተኛ ትምህርት ማስረጃን አቻነት የሚወስነው በፌዴራል ደረጃ ያለ አንድ አካል ነው። በ1995 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 351 ሲቋቋም ስሙ የከፍተኛ ትምህርት አግባብነትና ጥራት ኤጀንሲ ነበር። ከ2014 ዓ.ም. ወዲህ የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ሆኗል። ክልል ቢሮም፣ ዞንም፣ ዩኒቨርሲቲም ይህን ሥራ ተክቶ አይሠራም።

አንድ ዩኒቨርሲቲ ከውጭ ዲግሪ ይዞ የመጣን ተማሪ ለማስተርስ ሊቀበለው ይችላል። ያ የራሱ የቅበላ ውሳኔ ነው። «ወሎ ዩኒቨርሲቲ ለማስተርስ ተቀብሎኛል፣ እናንተ ለምን ዲግሪዬን አትቀበሉም?» ብሎ የመጣብኝ ሰው አለ። የተቀበለው ለመማር ነው። ለቅጥር የሚያገለግል የአቻነት ደብዳቤ አልሰጠውም።

እያንዳንዱ ዩኒቨርሲቲ ይስጥ ብንል ምን እንደሚሆን አስቡት። ደሴ ያለው ሊሳንስን ዲግሪ ነው ይላል። ወልድያ ያለው ኮርሶቹ አልሞሉም ይላል። ልጁ ደሴ አመልክቶ ቢያልፍ፣ ወልድያ ሲዛወር ዲግሪው ሊጠፋ ነው? ኬንያን ማየት ይበቃል። እዚያ አንድ የዩኒቨርሲቲ ትምህርት ኮሚሽንና አንድ የብቃት ማዕቀፍ ባለሥልጣን አሉ፤ የውጭ ዲግሪን አቻ የማድረግ ሥልጣን የእኔ ነው፣ የእኔ ነው እያሉ ሲጓተቱ ኖረዋል። በመሀል የሚጎዳው ወረቀቱን ይዞ ከአንዱ በር ወደ ሌላው የሚሄደው ነው። በሩ አንድ ሲሆን ሩቅ ቢሆንም የት እንደሆነ ይታወቃል።

እርግጥ በሩ ሁለት የሚሆንበት ጊዜ አለ። ወንድማችን ይህን ጨርሶ አላነሳውም፤ እኔ ግን ከሁሉም በላይ የወሎን ልጅ የሚያደክመው ይሄ ይመስለኛል። የእኛው የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን የሚገምተው ከፍተኛ ትምህርትን ነው። በውጭ አገር የተጠናቀቀ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርትን አቻነት የሚሰጠው ደግሞ ፈተናውን የሚያዘጋጀው ተቋም፣ ማለትም የትምህርት ምዘናና ፈተናዎች አገልግሎት ነው።

የሐይቁ ልጅ የገጠመው ይህ ነው። ዲግሪውን ይዞ አዲስ አበባ ሄደ። «12ኛ ክፍል የት ጨረስክ?» ተባለ። አዝሃር አለ። ስለዚህ መጀመሪያ ሳነዊያው መገመት ነበረበት። ሳነዊያውን ደግሞ ዲግሪውን እንጂ ሌላ የሚጠይቀኝ የለም ብሎ ሐይቅ እናቱ ቤት ትቶት ነበር የሄደው። በአውቶቡስ ተመለሰ፣ አመጣው። ከደሴ አዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሄዶ መመለስ፣ ደግሞ ሄዶ መመለስ፤ እዚህ ላይ ከወንድማችን ምሬት ጋር ነኝ።

በዚህ መንገድ የሚሄደው እሱ ብቻ አይደለም። ወላጆቹ ጅዳ ወይም ሪያድ ሆነው እዚያ የተማረ የከሚሴ ልጅ፣ የባቲ ልጅ፣ የኮምቦልቻ ልጅ ስንት አለ! 12ኛን በሳዑዲ ሥርዓት ጨርሶ፣ ዲግሪውን ሌላ አገር ወስዶ ይመጣል። ቅደም ተከተሉ ከታች ወደ ላይ ነው። መጀመሪያ የሁለተኛ ደረጃው፣ ከዚያ የመጀመሪያ ዲግሪው፣ ማስተርስም ካለ ከዚያ በኋላ። ማስተርሱን ብቻ ይዞ የሄደ ሰው ዲግሪህ የታለ መባሉ አይቀርም። መሠረቱን ሳያዩ ጣሪያውን አይገምቱም።

የልጁን ፋይል ያቆመው ሌላ ነገርም ነበር፤ እሱ እንኳ ያስቃል። የአባቱ ስም እንድሪስ ነው። 8ኛ ክፍል ካርዱ ላይ እንድሪስ ይላል። ወሎ ውስጥ እንድሪስ ያልሆነ ማን አለ? ካይሮ የሄደ ጊዜ ዐረቦቹ «ኢድሪስ» ብለው ጻፉት። ይማም የነበረው አያቱም «ኢማም» ሆነ። የግብፅ ወረቀት ላይ ስም አራት ድረስ ስለሚሄድ፣ እኛ የማናውቀው ቅድመ አያትም ተጨምሯል። አሁን ካርዱና ሸሃዳው የሁለት ሰው ይመስላሉ። ሁለቱም ስም የአንድ ሰው መሆኑን ፍርድ ቤት ሄዶ አስወስኖ ነው የተገላገለው። ለመማር የምትወጡ ልጆች ካላችሁ፣ ፓስፖርታችሁ ላይ ያለው ስም ከትምህርት ካርዳችሁ ጋር ፊደል በፊደል መግጠሙን ሳትወጡ እዩ። እዚያ ስትመዘገቡም ፓስፖርቱን አሳይታችሁ እንደዚያው አስጽፉ። ከተመረቁ በኋላ ማስተካከል መከራ ነው።

ስለዚህ ወሎ ዩኒቨርሲቲ ይገምት ከማለት፣ እዚህ አካባቢ ፋይል የሚቀበልና የጎደለውን የሚናገር አንድ መስኮት ይከፈት ቢል እፈርምለት ነበር። ውሳኔው አንድ ቦታ ይሁን፤ ማመልከቻው ግን ደሴ ላይ ቢታይ ልጁ ሳነዊያውን ረስቶ 400 ኪሎ ሜትር አይሄድም ነበር።

የአቻ ግምት ደብዳቤው በመጨረሻ መጣ። ልጁ እሱን ይዞ ተመልሶ እኔ ጋ መጣ። ያኔ የመጀመሪያው ማስታወቂያ ካለፈ ወራት አልፈዋል፤ ዕድሉ ሆኖ ቦታው እንደገና ወጥቶ ነበር። ደብዳቤው ማስረጃው በሸሪዓና ሕግ ከመጀመሪያ ዲግሪ ጋር አቻ ነው ይላል። እኔም ይቅርታ ጠየቅኩት። «ምንም አይደል ጋሼ፣ እኔም ሳነዊያዬን ረስቼ ነበር» አለኝ።

ወንድማችን እዚህ ላይ ነገሩ አለቀ ይላል። አላለቀም። ኮሚቴው ውስጥ አንድ ባልደረባችን እጁን አነሳና «የእኛ ማስታወቂያ ሕግ ነው የሚለው፤ ይሄ ሸሪዓና ሕግ ነው» አለ። ሌላው «አቻ ነው ተብሏል እኮ» አለ። ተጨቃጨቅን። ሁለቱም በከፊል ልክ ነበሩ።

ደብዳቤው የሚወስነው ደረጃን ነው። ያ ወረቀት ከመጣ በኋላ እኔ ሰው ሀብት ሆኜ ሊሳንስ ዲግሪ አይደለም ማለት አልችልም። መሥሪያ ቤት ዳግመኛ አይገምትም። ይህን የሚያደርግ ካለ ከሥልጣኑ ወጥቷል። የትምህርት መስኩ ለዚህ የሥራ መደብ ይሆናል ወይስ አይሆንም የሚለው ግን ሌላ ጥያቄ ነው። መልሱ ያለው በአቻ ግምቱ ውስጥ ሳይሆን የሥራ መደቡ ተፈላጊ ችሎታ ላይ፣ ተዛማጅ ተብለው በተዘረዘሩት የትምህርት ዝግጅቶች ውስጥ ነው። ይህ ዝርዝር የሲቪል ሰርቪሱ ነው። እዚህ አገር የተማረውም ልጅ በእሱ ነው የሚለካው። የታሪክ ዲግሪ ያለው ሰው ዲግሪ ስላለው ብቻ የሒሳብ ባለሙያ ሆኖ አይቀጠርም። ከካይሮ የመጣውስ ለምን የተለየ ይሆናል?

እኛ ያደረግነው ይህ ነው። የውጤት ዝርዝሩን አስተርጉመን ከፊታችን ዘረጋነው። የፍትሐ ብሔር፣ የወንጀል፣ የሥነ ሥርዓትና የአስተዳደር ሕግ ኮርሶች ከፊቅህ ኮርሶች ጎን ለጎን አሉ፤ የግብፅ ሕግ ይሁኑ እንጂ ሕግ ናቸው። ከዚያ በራሳችን ከመወሰን ጉዳዩን ለሲቪል ሰርቪስ በደብዳቤ ጠየቅን፤ ለመደቡ ተዛማጅ ነው የሚል መልስ መጣልን። ልጁም ተወዳደረ። መልሱ አይሆንም ቢሆን ኖሮ እንኳ የት ቅሬታ እንደሚያቀርብ ያውቅ ነበር፤ መጀመሪያ ለመሥሪያ ቤቱ ቅሬታ ሰሚ፣ ከዚያ ለሲቪል ሰርቪስ። በመስክ ጉዳይ ተቆጥቶ አዲስ አበባ ባለሥልጣኑ ቢሮ የሚሄድ ሰው በተሳሳተ በር ነው የሚያንኳኳው። የተከፋው በራሱ በአቻ ግምቱ ከሆነ፣ ማለትም ዲግሪዬን ዝቅ አድርገው ገመቱብኝ የሚል ከሆነ፣ ያኔ በሩ እነሱ ናቸው። የውሳኔውን ምክንያት በጽሑፍ ይጠይቅ። የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 የፌዴራል ተቋማት ውሳኔያቸውን ምክንያት ሰጥተው እንዲጽፉ ያስገድዳል፤ ወደ ፍርድ ቤት የሚወስድ መንገድም ከፍቷል። «አይሆንም አሉኝ» በቃል ብቻ ይዞ የተመለሰ ሰው በእጁ ምንም የለውም።

ጤና ላይ ደግሞ ተጨማሪ በር አለ፤ አጭር ነውና ልለፈው። ከውጭ የተመረቀ ሐኪም ወይም ነርስ አቻ ግምት ስላገኘ ብቻ በሽተኛ አያይም። የሙያ ፈቃድ ለብቻው ከጤና በኩል ይወጣል፤ ፈተናም አለው። ያንን ነው እንግዲህ ላይሰንስ የምንለው።

ወንድማችን በቅጥር ላይ ከተናደደ፣ መናደድ የነበረበት በሌላ ነገር ነበር ብዬ አምናለሁ። በ5 ቀኑ። አቻ ግምት በ5 የሥራ ቀን አይደርስም። ባለሥልጣኑ ለተማሩበት ተቋም ጽፎ መልስ ይጠብቃል፤ መልሱ ሳምንታትም ወራትም ሊፈጅ ይችላል። ማስታወቂያችን ግን አቻ ግምት ያልያዘ አይመዘገብም ይላል። ስለዚህ ከውጭ የመጣ ልጅ ማስታወቂያ ሳይወጣ አስቀድሞ ካላስገመተ ገና ከመዝገቡ ይወጣል። በመጨረሻዎቹ ዓመታት እኔ በነበርኩበት ክፍል አንድ መስመር ጨመርን፦ «ለአቻ ግምት ያመለከቱበትን የተመዘገበ ማስረጃ ያቀረቡ ይመዘገባሉ፤ የቅጥር ደብዳቤ የሚሰጠው የአቻ ግምቱ ሲቀርብ ነው።» አንዲት መስመር ናት። ልጁ ይፈተናል፣ ቦታው ግን ያለ ደብዳቤው አይሰጠውም። ያለ አግባብ የገባ ሰውም የለም።

አንድ ጉድ ልጨምር። የሐይቁ ልጅ በ2015 ዓ.ም. ወደ ሌላ መሥሪያ ቤት ለዝውውር አመለከተ። እዚያ ያለው ወጣት ሠራተኛ ደብዳቤውን ዓይቶ «ይሄ ኤጀንሲ እኮ የለም፣ አዲስ አሳድስ» አለው። ሎጎው የድሮው ስለሆነ ነው። ስሙ ተለወጠ እንጂ ሥልጣኑ ወደ አዲሱ ባለሥልጣን ነው የዞረው። በድሮው ስም የተሰጠ ደብዳቤ ስሙ ስለተለወጠ ብቻ አይሞትም። የሚጠራጠር መሥሪያ ቤት ደብዳቤ ጽፎ ማረጋገጥ ይችላል፤ እንደገና አስገምት ማለት ግን ያው የእኔ የላይሰንሱ ታሪክ ነው። ወጣቱን አልወቅሰውም። የሰው ሀብት ሠራተኛ ይህን የሚማርበት ቦታ የለም፤ ከፋይል ነው የምንማረው። በሐሰተኛ ማስረጃ ማጣራቱ ምክንያት ሁሉም ፈርቷል፤ የፈራ ሰው ደግሞ መመለስ ይቀለዋል።

የቀረው የጦርነቱ ነገር ነው። እዚህ ላይ ወንድማችን ለማን እንደተቆረቆረ ገብቶኛል። ካርቱም የተማሩ የወሎ ልጆች ብዙ ናቸው። ጦርነቱ ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ከተማዋ መሀል ፈነዳ። ሬጅስትራሩ የሸሸበት፣ ሕንፃው የተዘረፈበት ዩኒቨርሲቲ ለደብዳቤ መልስ አይሰጥም። የልጁ ጥፋት አይደለም።

ግን ቃለ መሐላ? መሐላ የሚናገረው ስለ ራሱ ነው። አንድ ሰው ተመርቄያለሁ ብሎ ቢምል፣ ሌላው ያልተመረቀውም ያንኑ ይምላል። ለልጁ የሚጠቅመው ከጦርነቱ በፊት የተተወ ዱካ ነው። ጦርነቱ ዩኒቨርሲቲውን ዘጋ እንጂ ቀድሞ የተደረገውን ማኅተም አላጠፋም። ከ2015 በፊት ኤምባሲያችን ያየው ኮፒ አለ ወይ? የሱዳን ከፍተኛ ትምህርት ሚኒስቴር ያረጋገጠው ገጽ አለ ወይ? መንግሥቱ ወደ ፖርት ሱዳን ሲዛወር የተዛወረ መሥሪያ ቤት ይመልሳል ወይ? ከአንድ ክፍል የተመረቀና ጦርነቱ ሳይጀመር አቻ ግምቱን የጨረሰ ጓደኛ አለ ወይ? የእሱ ፋይል ባለሥልጣኑ ጋ ስላለ የወረቀቱ ዓይነት፣ የፊርማው ቅርጽ፣ የኮርሶቹ ዝርዝር ይነጻጸራል። እ.ኤ.አ. በ2019 ዩኔስኮ ያጸደቀው ዓለም አቀፍ ስምምነትም ሰነዳቸውን ማቅረብ ላልቻሉ ስደተኞች የሚያስበው በዚሁ መንገድ ነው። ያለ ሰነድ የመጣው ሰው ካለው ነገር ተነስቶ እንዲገመገም ይላል፤ በመሐላው ብቻ አይልም።

እንዲህ ያለች አንዲት የኮምቦልቻ ልጅ አውቃለሁ። አካውንቲንግ ካርቱም ተምራለች። የመጣችው በግብፅ በኩል፣ በአንድ ሻንጣ ነው። ዋናው ሸሃዳ ካርቱም የተከራየችው ቤት ቀርቷል። ስልኳ ውስጥ ፎቶው አለ፤ ግን ፎቶ ነው። እኔ ጋ የመጣችው ተስፋ ቆርጣ ነበር፤ መሐላ የሚባለውንም ከወንድማችን ጽሑፍ አንብባ ነው ያነሳችልኝ። እኔ የጠየቅኳት አንድ ነገር ነው። «ከተመረቅሽ በኋላ ለማንኛውም ጉዳይ ኤምባሲ ሄደሽ ታውቂያለሽ?»

አሰበች። በ2014 ለሥራ ብላ ሳዑዲ ለመሄድ አስባ፣ ዲግሪዋንና የውጤት ዝርዝሯን ካርቱም አሳትማ ነበር። ሳዑዲው ሳይሳካ ቀረ። ያኔ ሁለት ኮፒ አድርጋ አንዱን በሚመጣ ሰው እጅ ለእናቷ ልካላቸዋለች። ወዲያው ደወለች። እናቷ ሳጥን ከፈቱ፤ ከመሬት ይዞታ ካርታውና ከሟች አባቷ የጡረታ ደብተር ሥር ተጣጥፎ ተገኘ። ጀርባው ላይ የሱዳን ሚኒስቴር ማኅተም፣ ከሥሩ የእኛ ኤምባሲ ማኅተም፣ ከነቀኑ። ከጦርነቱ አንድ ዓመት በፊት።

ማኅተም ብቻውን ደረጃ አይናገርም ብያለሁ፤ አሁንም እላለሁ። ለእሷ ግን ያ ወረቀት ትክክለኛ መሆኑን የሚመሰክርላት እሱ ነው። ደረጃውን ሌላው ይገምታል። ዋናው ከጠፋ ምን እንደሚሉ እናያለን፤ ከአንድ ክፍል የተመረቀች ጓደኛዋንም የአቻ ግምት ደብዳቤዋን ኮፒ አስልካለች። አሮጌ ፓስፖርቷንም አልጣለችም። ባለፈው ሰኞ ሁሉንም ይዛ ወደ አዲስ አበባ ተሳፍራለች፤ 12ኛዋን የጨረሰችው ኮምቦልቻ ስለሆነ የምታንኳኳው አንድ በር ብቻ ነው።